የአሸዋ ውኃ ማጣሪያ በአንድ ገጽ ሥዕል፦ ምኑ ይሣል፣ ምኑ ይቅር

በገጠር ቤት ጥግ የሚቆመውን የኮንክሪት አሸዋ ማጣሪያ የሚያስረዱ ሥዕላዊ ገጾች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ከላይ ቡናማ ውኃ ይገባል፣ መሃል ላይ አሸዋና ጠጠር ተደርድሮ ይታያል፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ውኃ ይወጣል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም መልእክቱን በአንድ እይታ ይይዘዋል፤ ይህ ዕቃ ደፍራሽ ውኃ ተቀብሎ ንጹሕ ይሰጣል። ይህን ግን ባለቤቱ ማጣሪያው ሲተከል በዓይኑ አይቶታል። በሥዕል ሊነገረው የሚገባው በዓይን የማይታየው ነው፤ እሱ ደግሞ ከገጹ ላይ ብዙ ጊዜ ይጎድላል።

የማይታየው ሦስት ነገር ነው። ውኃው አሸዋው ውስጥ ማረፍ አለበት። ከአሸዋው በላይ የሚቆመው ውኃ ከፍታው መጠበቅ አለበት። በአሸዋው ገጽ ላይ ደግሞ ሕይወት ያለው ስስ ንጣፍ አለ፤ እሱ ከሞተ ማጣሪያው ጭቃና ደለል የሚያስቀር፣ ጀርሙን ግን በከፊል ብቻ የሚይዝ ወንፊት ይሆናል። ጥቂት ሥዕልና ጥቂት ቃል ብቻ የሚይዝ ገጽ ቦታውን ለእነዚህ ሦስቱ መስጠት አለበት። የጠጠሩን ድርድር በዝርዝር ማሳየት የሚጠቅመው ማጣሪያውን ለሚሠራው ባለሙያ እንጂ ውኃ ለሚቀዳው ቤተሰብ አይደለም።

ማጣሪያው የተገኘው ከከተማ ውኃ ማጣሪያ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የካናዳው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ዴቪድ ማንዝ ለከተሞች ሲያገለግል የኖረውን ዘገምተኛ የአሸዋ ማጣሪያ ለቤት እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። የከተማው ማጣሪያ ቀንና ሌሊት ውኃ ይወርድበታል። የቤቱ ግን ባልዲ ሲገለበጥበት ይሠራል፣ ከዚያ ይቆማል። ሲቆም አሸዋው ከደረቀ ንጣፉ ይሞታል። ስለዚህ የመውጫው ቱቦ ከሥር ተነሥቶ በግድግዳው በኩል ወደ ላይ እንዲወጣና አፉ ከአሸዋው ገጽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲከፈት ተደረገ። ውኃ ሁልጊዜ በቱቦው አፍ ልክ ይቆማል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። በኢትዮጵያ ይህን ማጣሪያ ለቤተሰብ ካሰራጩት መካከል የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ይገኝበታል።

በሥዕሎች ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ከባድ ስሕተትም ከዚሁ ቱቦ ጋር የተያያዘ ነው። ሣዩ የለመደው በርሜል ከሥሩ ቧንቧ ያለው ስለሆነ፣ አሸዋ ማጣሪያውንም ከታች ቧንቧ ገጥሞለት ይሥለዋል። እንዲህ የተሠራ ማጣሪያ ውኃው ሙሉ በሙሉ ይወርድና አሸዋው ደርቆ ያድራል። ስለዚህ ገጹ ላይ ሌላው ሁሉ ቢቀር ቱቦው ከሥር ወደ ላይ ሲወጣና አፉ ከአሸዋው በላይ ሲከፈት መታየት አለበት።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ እንምጣ፤ ለሥዕል እጅግ የሚከብደው እሱ ነው። በብዛት የሚሠራው የኮንክሪት ማጣሪያ ከላይ 12 ሊትር ይይዛል። አሸዋው በቅንጣቶቹ መካከል የሚይዘው ውኃም እንዲሁ 12 ሊትር ያህል ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ዛሬ ጠዋት 12 ሊትር ስናፈስስ በቱቦው የሚወጣው ያሁኑ ውኃ ሳይሆን ትናንት ማታ ገብቶ ሲያርፍ ያደረው ነው። ያሁኑ ቦታውን ተክቶ እስከሚቀጥለው ድረስ ይቀመጣል። በእረፍቱ ጊዜ በላይኛው ንጣፍ ያሉት ሕያዋን ተህዋስያን ጀርሞቹን ይበላሉ፤ ወደ ታች የወረዱትም ምግብና አየር አጥተው ይሞታሉ ወይም ከአሸዋው ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ።

እስቲ 20 ሊትር በሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ውኃ የሚያመጣ ቤተሰብ እንውሰድ። ጀሪካኑን ጠዋት እንዳለ ቢገለብጡት፣ ማለትም ላይኛው ጎድጓዳ እየቀነሰ ሲሄድ እየጨመሩ ሃያውንም ሊትር ቢያፈስሱት፣ የመጀመሪያው 12 ሊትር ያደረው ውኃ ነው። የቀረው 8 ሊትር ግን ገና ከደጅ የመጣው ነው፤ ሳያርፍ አሸዋውን አቋርጦ ወጥቷል። ሁለቱም ሲታዩ ጥርት ያሉ ናቸው። በዓይን አይለዩም፤ በአንድ ዕቃ ሲቀላቀሉም ጥሩው ውኃ ከመጥፎው ጋር ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር ጠዋት 12 ሊትር አፍስሶ ፍሰቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም መተው፣ ከቆመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማሳረፍ፣ ከዚያ የቀረውን 8 ሊትር ማፍሰስ ነው። 12 ሊትሩ ወርዶ ለመጨረስ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከላይ ያለው ውኃ እየቀነሰ ሲሄድ ግፊቱም ስለሚቀንስ መጨረሻ ላይ ጠብታ ብቻ ይሆናል። እንዲህም ሆኖ ቀን ሦስት ጊዜ ቢፈስስ 36 ሊትር ይገኛል፤ ለስድስት ሰው ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ይበቃል።

ይህን በሥዕል እንዴት ማሳየት ይቻላል? ብዙዎች የሰዓት ክብ ይሥላሉ። ትንሿ እጅ 1 ላይ፣ ትልቋ 12 ላይ። እኛ አገር ይህ ሥዕል ቢያንስ ሦስት ንባብ አለው፤ አንዱ «አንድ ሰዓት ጠብቁ» ይለዋል፣ ሌላው ያንን የእጅ አቀማመጥ በለመደው መንገድ «ሰባት ሰዓት ላይ አፍስሱ» ብሎ ያነበዋል፣ ሦስተኛው ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ስለሌለው ያልፈዋል። የሚሻለው ጀምበር ናት። ሦስት ትንንሽ ሥዕሎች ጎን ለጎን ይቀመጡ፦ ጀምበር ከተራራ ስትወጣ አንድ ባልዲ፣ አናት ላይ ስትሆን አንድ ባልዲ፣ ስትጠልቅ አንድ ባልዲ። በመካከላቸው ባልዲው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ከቱቦው ምንም ጠብታ ሳይወርድ ይታይ። «አንድ ሰዓት» የሚለው ልኬት ከሥዕሉ ይጠፋል፤ ግን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚያፈስስ ሰው እረፍቱን ሳያስበው ይጠብቀዋል።

የእረፍቱ ከፍተኛ ወሰን 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ንጣፉ የሚመገበው ነገር ያልቅበታል፣ ከላይ ያለው ውኃም እየተነነ ይቀንሳል። ለዚህ ሁለት ጨረቃ ሥሎ ከሦስተኛዋ ጨረቃ ሥር የተሰረዘ ባዶ ባልዲ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሥዕል ግን ያለ ማብራሪያ የሚገባው ለጥቂት ሰው ስለሆነ፣ በገጹ ላይ ካሉት ጥቂት ቃላት አንዱን እዚህ ማዋል ተገቢ ነው፤ «በየቀኑ ውኃ አፍስሱ» ይበቃል።

የውኃው ከፍታ ለሥዕል የተመቸ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ማለት የአዋቂ ሰው ሦስት ጣት ተጋጥሞ ሲተኛ ያለው ስፋት ያህል ነው። ፍሰቱ ቆሞ ሳለ ከአሸዋው በላይ የቆመውን ውኃ፣ ከጎኑ ደግሞ ሦስት ጣት ሥሎ ማሳየት በቂ ነው። ልኬቱ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ችግር የለውም። ከዚያ ካነሰ የሚፈስሰው ውኃ አሸዋውን እየቆፈረ ንጣፉን ይበትነዋል፤ ሙቀት ባለበት አገር ደግሞ በትነት ሊደርቅ ይችላል። ከበዛ በውኃው አልፎ ወደ ንጣፉ የሚደርሰው አየር ያንሳል፣ ንጣፉም ይደክማል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጣቶቹ ውኃው ውስጥ ገብተው እንዳይሣሉ ነው። እጅ ውኃው ውስጥ ካየ ሰው እጁን አስገብቶ ይለካል፤ ጣቶቹ ከማጣሪያው ውጭ፣ በመስመር ተያይዘው ይሣሉ።

ይህን ከፍታ በብዛት የሚያበላሸው ከቤቱ ውስጥ የሚመጣ መልካም ሐሳብ ነው። የቱቦው አፍ ከጀሪካኑ አፍ ጋር ስላልተገጣጠመ፣ ውኃ እንዳይፈስስ ብሎ አንዱ የፕላስቲክ ጎማ ይቀጥልበታል። ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ውኃውን መሳብ ይጀምራል፤ ልክ ነዳጅ ከበርሜል በጎማ እንደሚሳበው። ከአሸዋው በላይ የነበረው ውኃ በሙሉ ይወጣል፣ ከዚያም ከአሸዋው ውስጥ ያለው ይከተላል። በማግሥቱ አሸዋው ደርቆ፣ በመካከሉም አየር ገብቶ ይገኛል። መውጫው ላይ ቧንቧ የሚገጥምም አለ፤ ሲዘጋው ውኃው ከላይ ይቆማል፣ ከፍታው ከልኩ ያልፋል። ስለዚህ «ጎማ አትቀጥሉ፣ ቧንቧ አትግጠሙ» የሚለው ሥዕል ከማንኛውም ክልከላ ቅድሚያ ይገባዋል።

ክልከላን በሥዕል ማሳየት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በቀይ ኤክስ የተሰረዘ ሥዕል ከትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ የመምህር ምልክት ለለመደ ሰው ግልጽ ነው። ለሌላው ግን ኤክሱ ከሥዕሉ ጋር የማይገናኝ ጭረት ሊሆን ይችላል፤ ዓይኑ የሚያርፈው በተቀጠለው ጎማ ላይ ነው፣ «ለካ እንዲህ ጎማ ይቀጠላል» ብሎም ይሄዳል። የሚያዋጣው ክልከላውን ብቻውን አለመተው ነው። ግራ በኩል ጎማ የተቀጠለበት፣ አሸዋው ተሰነጣጥቆ የደረቀ፣ ከጎኑም ሆዱን የያዘ ልጅ፤ ቀኝ በኩል ባዶ ቱቦ፣ ከሥሩ በድንጋይ ወይም በዱካ ከፍ ተደርጎ አፉ ከቱቦው ሥር የገባ ጀሪካን። ሁለተኛው ሥዕል መፍትሔውንም ይዟል። ሰው ጎማ የሚቀጥለው ጀሪካኑ ስላልደረሰለት እስከሆነ ድረስ፣ ከክልከላው ይልቅ ዱካው ይረዳዋል።

ሕያው ንጣፉን መሣል ይቻላል ወይ የሚለው ብዙ ያከራክራል። የተለመደው ዘዴ አጉሊ መነጽር ሥሎ በውስጡ እግርና ጥርስ ያላቸው ጀርሞች መደርደር ነው። አጉሊ መነጽር አይቶ ለማያውቅ ሰው ያ ክብ ድስት ወይም ምጣድ ነው፤ በውስጡ ያሉት ደግሞ ትላልቅ ትሎች ናቸው፣ «የእኛ ውኃ እንዲህ ያለ ትል የለበትም» ይላል። በእኛ ግምት ጀርሙንም ንጣፉንም እንደ እንስሳ ከመሣል መቆጠብ ይሻላል። ለቆሻሻው ነጠብጣብ ይበቃል፤ ብዙ ነጠብጣብ ያለበት ውኃ ከላይ፣ ነጠብጣብ የሌለበት በቱቦው አፍ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ገጹ ወደ ጤና ኬላ ሲደርስ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ይባዛል፤ ቡናማውና ሰማያዊው ሁለቱም ግራጫ ሆነው ሲመሳሰሉ ነጠብጣቡ ግን እንዳለ ይቀራል።

ንጣፉን በተመለከተ ለባለቤቱ የሚያስፈልገው እውቀት ምን እንደሚመስል ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ ነው። ንጣፉ እስኪያድግ እስከ 30 ቀን ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት ማጣሪያው በአሸዋው ጥበት ብቻ ስለሚሠራ ከባክቴሪያው የሚያስቀረው ከ30 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። ከዚያ በኋላ በደንብ የተያዘ ማጣሪያ ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ ቫይረስ ላይ ግን አቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከማጣሪያው የወጣውን ውኃ በውኃ አጋር ወይም በመሰል የክሎሪን መድኃኒት ማከም ወይም ማፍላት ይመከራል፤ በመጀመሪያው ወር ደግሞ የግድ ነው። መድኃኒቱ የሚጨመረው ከሥር ባለው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ነው። ከላይ ማጣሪያው ውስጥ ከተጨመረ ንጣፉን ይገድለዋል፣ ወሩም እንደገና ይጀምራል። እዚህ ላይ ለሣዩ ያለን ምክር የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከጀሪካኑ ጋር አስጠግቶ፣ ከማጣሪያው አፍ አርቆ እንዲሥለው ነው። ጠርሙሱ በገጹ ላይኛው ክፍል ከታየ አንድ ሰው ከላይ ይጨምረዋል።

የመቅጃና የማጠራቀሚያ ዕቃዎች ጉዳይ አጭር ነው፤ ግን ከተረሳ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከወንዝ ወይም ከምንጭ ውኃ የመጣበት ጀሪካን የተጣራውን ውኃ መቀበል የለበትም። ሁለቱን ዕቃዎች በገጹ ላይ በቅርጽ ለዩአቸው፤ የሚያመጣው ባልዲ፣ የሚቀበለው ክዳንና ጠባብ አፍ ያለው ጀሪካን ይሁን። በቀለም ብቻ የተለዩ ሁለት ጀሪካኖች ኮፒ ሲደረጉ አንድ ይሆናሉ።

የክረምት ውኃ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደፍራሽ ውኃ አሸዋውን ቶሎ ይዘጋዋል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ውኃውን ባለ 2 ሊትር ጥርት ያለ ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ በደማቅና ትልቅ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ላይ ማቆምና ከላይ በአፉ ወደ ታች ማየት ነው። ከሥር ያለው ከታየ ውኃው ለማጣሪያው ይሆናል። ካልታየ ውኃው በዕቃ አድሮ እስኪጠል መጠበቅ፣ ከዚያ ላይ ላዩን በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አሳልፎ ማፍሰስ ይገባል። የሚደንቀው፣ ገጹ ራሱ ለዚህ መለኪያ መሆን ይችላል። በታችኛው ጥግ ደማቅ ጥቁር የዓይን ሥዕል ቢታተም ጠርሙሱ የሚቆመው እሱ ላይ ነው፤ ዓይኑ ታየ፣ ይፈስሳል፤ ዓይኑ ጠፋ፣ ይደር። አንድን ወረቀት ከማብራሪያነት ወደ መሣሪያነት የሚያሸጋግር ሥዕል ይህ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቢገባ እንወዳለን።

ፍሰቱም እንዲሁ በቤት ዕቃ ይለካል። ላይኛው ክፍል ሙሉ ሳለ በቱቦው ሥር ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ይያዝ። ደኅና ማጣሪያ ሃይላንዱን ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል፣ ይህም በደቂቃ 0.4 ሊትር ነው። ገና አዲስ ሆኖ ከዚህ በጣም ከፈጠነ አሸዋው ሸካራ ነው ማለት ስለሆነ የተከለው ሰው ይጠራ። 10 ደቂቃ ከወሰደበት ተደፍኗል፣ መጽዳት አለበት። የጽዳቱ አሠራር ግን በዚህ ገጽ ላይ ባይገባ ይመረጣል። የሚፈስሰው ውኃ አሸዋውን እንዳይቆፍር ከላይ የሚቀመጠውን ማሰራጫ ሰሃን ማውጣት፣ 4 ሊትር ያህል ውኃ መጨመር፣ በታጠበ መዳፍ የአሸዋውን ገጽ ብቻ እያሻሹ ማዞር፣ የደፈረሰውን በኩባያ ቀድቶ መድፋት፣ ፍሰቱ እስኪመለስ መድገምና አሸዋውን ማስተካከል አለበት። ይህ ለብቻው ስድስት ሥዕል ይጠይቃል፤ ከዕለታዊው አሠራር ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሰዎች በየቀኑ የሚደረግ መስሏቸው ንጣፉን በየማለዳው ይበትኑታል። ሌላ ገጽ ይሁን፤ የሚታደለውም ከወር በኋላ ለክትትል በሚመጣው ሰው እጅ ይሁን።

ሥዕሉ መዋሸት የሌለበት አንድ ቦታ አለ። አሸዋ በውኃ ውስጥ የሟሟን ነገር አያስቀርም፤ ጨው ቢጨመርበት ጨውነቱ እንዳለ ይወጣል። በስምጥ ሸለቆ፣ በመተሐራ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ባሉ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይላል፤ ከዚያ በላይ ለዓመታት የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፣ መጠኑ ሲበዛና ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል። ጥርት ያለው የጉድጓድ ውኃ በማጣሪያው አልፎ ጥርት ብሎ ሲወጣ ፍሎራይዱ አብሮት ይወጣል። ለእነዚህ አካባቢዎች የሚታተም ገጽ በተጣራው ውኃ አጠገብ የበለዘ ጥርስ ሊሥልበትና «ፍሎራይድ አያስቀርም» የሚል ሊጻፍበት ይገባል። እዚያ የሚያስፈልገው እንደ ከሰለ አጥንት ከሰል ያለ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ወይም ሌላ የውኃ ምንጭ ነው።

ገጹ ከመታተሙ በፊት መፈተኑ ከሣዩ ችሎታ ይበልጣል። ፈተናው «ገባህ? ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይደለም፤ ለእንግዳ አክብሮት ሲባል የሚሰጠው መልስ «አዎ» ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያሳዩ «እዚህ ላይ ሴትዮዋ ምን እያደረገች ነው? ቀጥሎስ ምን ታደርጋለች?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እንዳለ መጻፍ ነው። የአሜሪካ የደኅንነት ምልክቶች ደረጃ ከሚጠየቁት 85 በመቶው በትክክል እንዲረዱ፣ ተቃራኒውን የሚረዱት ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል። በ20 ሰው ብንሞክረው 17 ሰው ትክክል መመለስ አለበት፤ «ጎማ ቀጥሉ ይላል» ወይም «መድኃኒቱን ከላይ ጨምሩ ይላል» የሚል ሰው ከአንድ መብለጥ የለበትም። ሁለት ከተገኙ ሥዕሉ እንደገና ይሣላል፤ የተቀረው 18 ሰው ትክክል ቢሆንም።

የሚጠየቁትም ማጣሪያው ያላቸው ብቻ መሆን የለባቸውም፤ እነሱ አሠራሩን ስለሚያውቁት ሥዕሉ ያልተናገረውንም ይመልሳሉ። በዕለቱ ውኃ የሚቀዱ ልጆች፣ ቤት የሚጠብቁ አያቶችና ገና ማጣሪያ ያልወሰዱ ጎረቤቶች ይግቡበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ገጹ የት እንደተለጠፈ ማየት ይገባል። ከግድግዳ በላይ ከተሰቀለ ሲያፈስሱ አይታይም፤ በላስቲክ ተሸፍኖ በማጣሪያው ፊት ላይ፣ ከቱቦው አፍ በተቃራኒ ጎን ቢለጠፍ ባልዲ ያነሣ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እርጥበትም አያገኘውም።